የሥራ ግዴታን ወደ ውጤት መለወጥ፦ ልምድ ላላቸው የጽሕፈት ቤት አስተዳዳሪዎች የአራት አጻጻፎች ንጽጽር

ጎንደር ውስጥ ስምንት ዘጠኝ ዓመት በጽሕፈት ቤት አስተዳዳሪነት የሠራ ሰው ሲቪውን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ይህን ነው፦ «ገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን መመዝገብ፤ ስብሰባዎችን ማመቻቸትና ቃለ ጉባኤ መያዝ፤ የጽሕፈት መሣሪያ ግዢ መከታተል፤ ፔቲ ካሽ መያዝ፤ የሠራተኞችን ማህደር ማደራጀት።» ይህን ዝርዝር ትናንት የተቀጠረ ሰውም በኩራት ይጽፈዋል። ቋንቋው ራሱ ያጋልጣል። መመዝገብ፣ ማመቻቸት፣ መከታተል፣ መያዝ ሁሉም ገና ያልተሠራ ሥራ ስሞች ናቸው፤ ከሥራ መደቡ መዘርዝር ተቀድተው ስለመጡ ማን እንደሠራቸው፣ ምን ያህል እንደሠራቸውና ምን እንደተለወጠ አይናገሩም።

ምክር የሚሰጡ ሰዎች «ቁጥር ጨምሩበት» ይላሉ። ቁጥር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ስንት ሠራተኛ እንደነበረ፣ ስንት ደብዳቤ እንዳለፈ፣ ስንት ቀን እንደቀነሰ፣ ስንት ጊዜ ተቆጥሮ ጉድለት እንዳልተገኘ የሚናገሩ ቁጥሮች የየራሳቸው ጥንካሬና የየራሳቸው ወጥመድ አላቸው። ከዚህ በታች አራቱን እናነጻጽራለን። መለኪያዎቹን እናስቀድም።

## መለኪያዎቹ

ማስረጃው የት ተቀምጧል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያስገድዳል። ወረቀቱ የሚይዘው ግን የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ነው። ውጤት አይጻፍበትም። ስለዚህ በሲቪዎ ላይ ያሰፈሩት ቁጥር የሚደገፈው በሌላ ነገር ነው፤ በመዝገብ፣ በሞዴል፣ በምዘና ቅጽ ወይም ስልክ ቢደወልለት «አዎ፣ እንዲሁ ነበር» በሚል የቀድሞ አለቃ።

ሁለት ጥያቄ ይችላል? ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው «ይህን እንዴት አወቁት?» ነው። ሁለተኛው «ከዚያ በፊትስ ስንት ነበር?» ይሆናል። ለሁለቱም አጭር መልስ ከሌለው ቁጥር ባዶው መስመር ይሻላል።

የእርስዎ ድርሻ ይለያል? አስተዳዳሪ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ትንሽ ነው። ፊርማው የኃላፊው፣ ክፍያው የፋይናንስ፣ ዕቃው የንብረት ክፍል ነው። መስመሩ የእርስዎን እጅ ማሳየት አለበት።

ምን ያህል ሰዓት ይፈጃል? ማስታወቂያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ቀርቶት ሲቪ የሚያስተካክልና ያለ ጥድፊያ ሥራ ለመቀየር የሚያስብ ሰው አንድ ዓይነት መንገድ አይከተሉም።

## አንደኛው፦ ግዴታ ከስፋቱ ጋር

ይህ ቀላሉ ነው። ግዴታው እንዳለ ይቆይና የቢሮው መጠን ይገባበታል፦ «ለ3 የሥራ ክፍሎችና ለ42 ሠራተኞች የግል ማህደር፣ የዓመት ፈቃድና የውሎ አበል ሰነድ ያዝኩ።» አንባቢው የአምስት ሰው ቢሮ እንዳልነበረ ቢያንስ ያውቃል። ማስረጃው ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩ ላይ ይገኛል፤ ሩብ ሰዓትም አይፈጅም።

ድክመቱ ግልጽ ነው። የ42 ሰው ማህደር መያዝ በደንብ መያዝ አይደለም። ሆኖም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲያመለክቱ ይህ አጻጻፍ ከሚገመተው በላይ ይጠቅማል። እዚያ የመጀመሪያው ማጣሪያ የትምህርት ደረጃን፣ አግባብነት ያለውን የሥራ ልምድ ዓመትና፣ ለሚመለከታቸው፣ የብቃት ማረጋገጫን ከማስታወቂያው ጋር ማመሳከር ነው። አመሳካሪው የሚፈልገው የሥራ መደቡን ስም የሚመስል ቃል ነው። ግዴታውን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ በውጤት ብቻ የተካ ሰው «አግባብነት ያለው ልምድ» የሚለውን ዓምድ ባዶ ሊያስቀርበት ይችላል።

## ሁለተኛው፦ ብዛት

እዚህ የሚቆጠረው በእጅዎ ያለፈው ሥራ ነው፦ በዓመት ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የግዢ ጥያቄ። ብዙ ሰው ይህን ማስታወስ አልችልም ብሎ ይተወዋል። ለወጪ ደብዳቤ ግን ማስታወስ አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል።

በእጅዎ ያለ ማንኛውንም በሰኔ መጨረሻ የተጻፈ የመሥሪያ ቤትዎን ደብዳቤ ይመልከቱ። ለእርስዎ የተጻፈ የዕድገት ወይም የፈቃድ ደብዳቤ ቅጂም ይሆናል። ከላይ በቀኝ በኩል «ቁጥር» በሚለው ሥር ከመሥሪያ ቤቱ ምልክት ቀጥሎ ለምሳሌ 1386/15 ቢል፣ የመዝገቡ ተራ ቁጥር ሐምሌ 1 ከአንድ የሚጀምር ከሆነ፣ በ2015 የበጀት ዓመት እስከዚያች ቀን 1,386 ወጪ ደብዳቤ ወጥቷል ማለት ነው። ሁለት ነገር ግን ማጣራት ግድ ነው። አንደኛ፣ አንዳንድ ቢሮ ቁጥሩን የሚያድሰው በመስከረም ነው። ሁለተኛ፣ ለየፋይሉ የተለየ ተራ ቁጥር የሚሰጡ መዝገብ ቤቶች አሉ። በአንድ ቀን በሁለት የተለያዩ ጉዳዮች የወጡ ደብዳቤዎችን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጡ፤ ቁጥራቸው ከተከታተለ መዝገቡ አንድ ነው፣ አንዱ 1386 ሌላው 94 ከሆነ ቁጥሩ የፋይሉ ነው፤ ለዚህ ዓላማ አይረባም።

ሲቪው ላይ «1,386» ብሎ ከመጻፍ «በዓመት ከ1,300 በላይ» ማለት ይሻላል። ወደ ታች የተጠጋጋ ቁጥር ሲጠየቅ አያሳፍርም።

የብዛት ችግሩ ጥራትን አለመናገሩ ነው። ሌላም ጣጣ አለው። አንባቢው የሚያነጻጽርበት ከሌለው 1,300 ደብዳቤ ብዙ ይሁን ጥቂት አያውቅም። ስለዚህ የሠራተኛውን ቁጥር አብሮ መጻፍ ነው፦ «ከ1 ረዳት ጋር በዓመት ከ1,300 በላይ ወጪ ደብዳቤ አዘጋጅቼ አሰራጨሁ።» «ከ1 ረዳት ጋር» የምትለው ሐረግ ሁለት ሥራ ትሠራለች። ጫናውን ታሳያለች፤ የረዳቱንም ድርሻ አትቀማም።

## ሦስተኛው፦ በፊትና በኋላ

ሰው ሁሉ «ውጤት» ሲል የሚያስበው ይህን ነው። ጠንካራው እሱ ነው፣ በቀላሉ የሚበላሸውም እሱ ነው። ስለዚህ አንድ ምሳሌ ከሥር እንሥራ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተዘጋጁ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በማንኛውም መዝገብ ባለው ቢሮ ይሠራል።

መነሻ መስመሩ «ገቢና ወጪ ደብዳቤዎችን መመዝገብ፣ ማሰራጨትና መከታተል» ነው። አስተዳዳሪዋ በ2015 መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር ለውጣለች። በገቢ መዝገቡ ላይ «መልስ የሚጠበቅበት ቀን» እና «የተመለሰበት ቀን» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምራ ቀናቸው ያለፈውን ደብዳቤዎች በየሰኞው በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ማንበብ ጀመረች። መልስ እንደፈጠነ ሁሉም ያውቃል። በስንት ቀን እንደፈጠነ ግን ማንም አልቆጠረም።

መጀመሪያ የሚወሰነው የትኞቹ ወራት እንደሚነጻጸሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ጥርን ከኅዳር ጋር ማነጻጸር ጎንደር ውስጥ አያስኬድም፤ ከጥምቀት በፊትና በኋላ ያሉት ቀናት ሥራ የሚዘገይባቸው ናቸው፣ ለውጡ የእርስዎ ይሁን የበዓሉ አይለይም። ሰኔም የበጀት መዝጊያ ስለሆነ ለብቻው ነው። ስለዚህ አንድን ወር ከራሱ ጋር፣ ከዓመት ዓመት ማነጻጸር ነው። ያልተለመዱ ጊዜያትንም መዝለል ያስፈልጋል። ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ የካቲት 2014 አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። በእነዚህ ወራት የዘገየ ሥራን እንደ «በፊት» መያዝ ውጤቱን ያለ አግባብ ያሳብጠዋል፤ ጠያቂው ደግሞ የዚሁ አገር ሰው ነው፣ ያውቀዋል። ለምሳሌያችን መጋቢት 2014 እና መጋቢት 2015 ተመረጡ።

ቀጥሎ ናሙና ይወሰዳል። ከእያንዳንዱ ወር መልስ የሚፈልጉ ገቢ ደብዳቤዎች ብቻ ይለያሉ። ሰርኩላርና «ለመረጃ ያህል» የተላኩት ይወጣሉ። በወሩ 120 ቢገኙ በየአራተኛው አንዱን በመውሰድ 30 ይሆናሉ። እየመረጡ መውሰድ አይቻልም፤ ዓይን ሳያስበው ጥሩ ጥሩውን ይለቅማል።

በ2014ቱ መዝገብ ላይ «የተመለሰበት ቀን» የሚል ዓምድ ስላልነበረ መልሱ የሚፈለገው በወጪ መዝገቡ ውስጥ ነው። ተቀባዩንና ጉዳዩን በማየት መልሱን ካገኙ በኋላ ቀሪውን ቅጂ ይክፈቱ፤ «በቀን … በቁጥር … በጻፋችሁልን ደብዳቤ» ብሎ የሚጀምረው መስመር የትኛው ደብዳቤ እንደተመለሰ በማያሻማ ሁኔታ ይነግራል። ለ30 ደብዳቤ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል።

ቀኖቹ ወደ ኤክሴል ሲገቡ አንድ እንቅፋት አለ፦ ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። የእኛ ወር ግን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ነገሩ ይቀልላል። ወሩንና ቀኑን በተለያየ ዓምድ ይጻፉ፤ የደረሰበት ወር በ`B`፣ ቀኑ በ`C`፣ የተመለሰበት ወር በ`D`፣ ቀኑ በ`E` ይሁን። በ`F` ልዩነቱ ይወጣል፦

```
=(D2-B2)*30+(E2-C2)
=MEDIAN(F2:F31)
```

መጋቢት 23 ደርሶ ሚያዝያ 4 የተመለሰ ደብዳቤ (8-7)*30+(4-23) ማለትም 11 ቀን ይሰጣል። ቀመሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ላለ ቀን ብቻ ነው፤ ጳጉሜን ከተሻገረ ይሳሳታል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። ከሁለቱም ዓመት እኩል እስከተቆጠሩ ድረስ ችግር የለውም፤ ሲጽፉ ብቻ «የሥራ ቀን» ሳይሆን «ቀን» ይበሉ።

ሁለተኛው መስመር የሚያወጣው መካከለኛውን ቁጥር እንጂ አማካዩን አይደለም። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከ30 ደብዳቤ አንዱ በክርክር ምክንያት 71 ቀን ቢቆይ አማካዩን ብቻውን ሁለት ቀን ያህል ይገፋዋል። መካከለኛው አይነቃነቅም። ከዚህ የሚበልጥ ጥቅምም አለው። ጭራሽ ያልተመለሱትን ደብዳቤዎች ብዙ ሰው ከናሙናው ያወጣቸዋል፤ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፣ ምክንያቱም የድሮው አሠራር መጥፎነት የሚታየው እነሱ ላይ ነው። አያውጧቸው። በ`F` ዓምድ 999 ይስጧቸው። ያልተመለሱት ከግማሽ በታች እስከሆኑ ድረስ መካከለኛው ቁጥር አይዛባም፤ አማካይ ቢሆን ግን መሳቂያ ይሆን ነበር።

በምሳሌያችን መጋቢት 2014 መካከለኛው 11 ቀን፣ ያልተመለሱ 6፤ መጋቢት 2015 መካከለኛው 5 ቀን፣ ያልተመለሱ 2 ሆነ። መስመሩ እንዲህ ይወጣል፦

> ለገቢ ደብዳቤ መልስ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ11 ወደ 5 ቀን አወረድኩ፤ በመዝገቡ ላይ የቀነ ገደብ ዓምድ ጨምሬ የዘገዩትን በየሰኞው ለማኔጅመንት በማቅረብ (የመጋቢት 2014 እና 2015 ናሙና፣ 30 ደብዳቤ ከእያንዳንዱ)።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ረጅም መስመር ውስጥ ውጤቱ ይቀበራል። «በመዝገቡ ላይ ዓምድ በመጨመርና … በማቅረብ … ጊዜውን ከ11 ወደ 5 ቀን አወረድኩ» ቢባል ሰዋስዉ ትክክል ነው፣ ነገር ግን በችኮላ የሚያነብ ዓይን ቁጥሩ ጋ አይደርስም። መጀመሪያ ውጤቱ፣ ከዚያ «በማቅረብ» ብሎ መንገዱ። ትንሽ የተገለበጠ ቢመስልም ለሲቪ ይህ ይሻላል። «ጊዜው እንዲያጥር ተደርጓል» የሚለው አጻጻፍ ግን መወገድ አለበት። ትሕትና ይመስላል፤ ሆኖም ማን አደረገው የሚለውን ጥያቄ ክፍት ይተዋል።

«54.5 በመቶ ቀነሰ» ለምን አልተባለም? 30 ደብዳቤ ቆጥሮ ነጥብ ያለው መቶኛ ማውጣት የሌለ ጥራት ያስመስላል። የበለጠ የሚያሳስበው ደግሞ ትንሽ መነሻ ነው። በዓመት ሁለት ስልጠና የነበረው ቢሮ አራት ቢያዘጋጅ «100 በመቶ ዕድገት» ይሆናል፤ ልምድ ያለው የሰው ኃይል ባለሙያ ይህን ሲያይ ሌሎቹንም መስመሮች መጠራጠር ይጀምራል። መነሻው ከ20 በታች ከሆነ መቶኛ አይጠቀሙ፤ «ከ2 ወደ 4» በቂ ነው።

በብር የሚለካ ቁጠባም በዚህ ምድብ ነው፤ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። የወረቀት ወጪ በ2013 እና በ2017 በብር ቢነጻጸር የሚታየው የዋጋ ንረቱ ነው። በተለይ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ወረቀትና ቶነር ዋጋ ከዚያ በፊት ካለው ጋር አይወዳደርም። በእጥፍ የቆጠበ ሰው እንኳ በብር ሲታይ ያባከነ ሊመስል ይችላል። መፍትሔው በዕቃ መለካት ነው፦ በዓመት ስንት ደስጣ ወረቀት ከንብረት ክፍል ወጣ? ወጪው በሞዴል 22 ላይ ስለተመዘገበ መደመር ብቻ ነው። ወይም ግዢዎቹን መቁጠር፦ «በየጊዜው ባለቀ ቁጥር ይገዛ የነበረውን የጽሕፈት መሣሪያ በሩብ ዓመት ዕቅድ አድርጌ በዓመት ከ19 ወደ 4 ግዢ አወረድኩ።» የዕቃ መቀበያውን የሞዴል 19 ቅጠሎች ቆጥሮ ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሦስት ፕሮፎርማ የመሰብሰቡ ልፋት 15 ጊዜ እንደቀረ ደግሞ ማንም የቢሮ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል።

## አራተኛው፦ ንጹሕ መዝገብ

አንዳንድ ሥራ ሲሳካ ምንም አይፈጠርም። ፔቲ ካሽ አይጎድልም፣ ውል ሳይታደስ አያልፍም፣ የማኅተም አያያዝ ጥያቄ አያስነሳም። እዚህ «ከዚህ ወደዚያ» የሚባል ነገር የለም። ለአስተዳዳሪ ግን ይህ ሥራ ነው፤ ከጠቅላላ ሥራው ምናልባት ትልቁ ክፍል።

አጻጻፉ «ጉድለት አልተገኘም» ብቻ ከሆነ ዋጋ የለውም። ማንም ካልቆጠረ ጉድለት ከየት ይገኛል? የሚጻፈው የቁጥጥሩ ብዛት ነው፦ «በ3 ተከታታይ የበጀት ዓመት በተደረጉ 11 የፔቲ ካሽ ቆጠራዎች (5ቱ ድንገተኛ) ጉድለትም ትርፍም አልተገኘም።» ትርፍ የሚለው ቃል የተጨመረው በምክንያት ነው። የፋይናንስ ሰው ለትርፍ ገንዘብም እንደ ጉድለት ይጨነቃል፤ ቃሉን ሲያይ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይረዳል። ማስረጃው ሦስት ሰው የፈረመበት የቆጠራ ቃለ ጉባኤ ነው።

ለመንግሥት ሠራተኛ ሌላ ጥሩ መለኪያ አለ። ብዙ መሥሪያ ቤት በር ላይ የዜጎች ቻርተር ለጥፏል፤ ለየአገልግሎቱ የተመደበው ጊዜ እዚያ ተጽፏል። «በፊት» የሚባል መረጃ ከሌለዎት ቻርተሩ መነሻ ይሆናል፦ «የልምድ ማስረጃ ለመስጠት በቻርተሩ የተቀመጠውን 2 ቀን በግማሽ ዓመቱ ከቀረቡ 64 ጥያቄዎች በ61ዱ ጠበቅሁ።» ሦስቱ ለምን እንደዘገዩ ለመናገር ይዘጋጁ። እውነቱን ለመናገር፣ 64ቱንም ከሚለው ይልቅ 61 የሚለው ይታመናል። የስድስት ወር የአፈጻጸም ምዘና ቅጽም ዒላማና ክንውን ጎን ለጎን ስላለበት እንደዚሁ ያገለግላል፤ ከቅጹ የሚወሰደው ግን ክንውኑ ነው፣ ነጥቡ አይደለም። «92 ነጥብ አገኘሁ» ለውጭ አንባቢ ምንም አይነግርም፣ ምክንያቱም ጎረቤቱም 92 ሳያገኝ አይቀርም።

## በሰንጠረዥ

| አጻጻፍ | ማስረጃው | «እንዴት አወቁት?» ሲባል | የእርስዎ ድርሻ | የሚፈጀው ጊዜ | የተለመደው ስሕተት |
|---|---|---|---|---|---|
| ግዴታ ከስፋት ጋር | የደመወዝ ዝርዝር፣ የልምድ ማስረጃ | ቀላል | አይለይም | 15 ደቂቃ | ስፋትን እንደ ውጤት ማቅረብ |
| ብዛት | የደብዳቤ ቁጥር፣ መዝገብ | ቀላል | በከፊል | 1–2 ሰዓት | የፋይል ቁጥርን የዓመት ቁጥር ማድረግ |
| በፊትና በኋላ | ሁለት ወር መዝገብ፣ ሞዴል 19 እና 22 | ከተቆጠረ ጠንካራ፣ ከተገመተ ደካማ | በደንብ ይለያል | ግማሽ ቀን እና በላይ | የማይነጻጸሩ ወራት፣ በትንሽ መነሻ ላይ መቶኛ |
| ንጹሕ መዝገብ | የቆጠራ ቃለ ጉባኤ፣ የኦዲት ሪፖርት፣ ቻርተር | ጠንካራ | ይለያል | 1–3 ሰዓት | የቁጥጥሩን ብዛት አለመጻፍ |

## የትኛው ለማን?

ማስታወቂያው ነገ የሚዘጋበት ሰው ሦስተኛውን አይሞክር። በጥድፊያ የሚወለድ «በፊትና በኋላ» ግምት ነው። የመጨረሻውን ሥራ አምስት መስመር ይውሰድ፤ ሁለቱን በስፋት፣ ሁለቱን በብዛት፣ አንዱን በንጹሕ መዝገብ ይጻፍ። አንድ ምሽት ይበቃል።

አሁንም ሥራ ላይ ሆኖ ለመቀየር የሚያስብ ሰው ከሁሉም የተሻለ ዕድል አለው፤ መዝገቡ ከጎኑ ነው። እኔ ብሆን ሁለት የ«በፊትና በኋላ» መስመር ብቻ እሠራ ነበር፤ አንዱን ከደብዳቤ፣ አንዱን ከግዢ። አምስቱንም መስመር እንዲህ ማድረግ ሲቪውን የሪፖርት ጽሑፍ ያስመስለዋል። ሲቆጥሩ ቀኖቹን ብቻ ይቅዱ። የደብዳቤውን ጉዳይና የላኪውን ስም መጻፍ ወይም የመዝገቡን ገጽ በስልክ ማንሳት የመሥሪያ ቤቱን ምስጢር ማውጣት ነው፤ አዲሱ ቀጣሪም ያንን ሲያይ ነገ የእኔንስ ማለቱ አይቀርም።

ከሥራው የለቀቀ ሰው መዝገቡን አያገኝም። የቀድሞ ባልደረባን «እስቲ ገልብጠህ ላክልኝ» ማለትም እሱን ችግር ውስጥ መክተት ነው። ቤት ያሉትን ወረቀቶች ይመልከት፦ የሰኔ ደብዳቤዎች ቁጥር፣ የምዘና ቅጽ ቅጂዎች፣ የርክክብ ሰነድ። የርክክብ ሰነድ ብዙ ሰው የሚረሳው ሀብት ነው፤ ስንት ማህደር፣ ስንት ቁልፍ፣ ስንት ቋሚ ዕቃ፣ ምን ያህል ፔቲ ካሽ እንዳስረከቡ ከሁለት ፊርማ ጋር ይዟል። ከዚያ ብዛትና ንጹሕ መዝገብ ይወጣል።

ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያመለክት የማስታወቂያውን የሥራ መደብ ቃል ሳይለውጥ በእያንዳንዱ ሥራ ራስጌ ያስቀምጥ፤ ውጤቱ ከሥሩ ይምጣ። ማጣሪያውን የሚያሳልፈው ራስጌው ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚያናግረው ከሥሩ ያለው።

ወደ መያድ፣ ወደ ሆቴል ወይም ወደ ባንክ የሚያመለክት ሲቪው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ዓመተ ምሕረቱን ይቀይር። የልምድ ማስረጃው «ከሐምሌ 2006 እስከ ሰኔ 2015» ካለና ሲቪው ላይ ቁጥሩ እንዳለ ከተገለበጠ፣ አዲስ አበባ ወይም ውጭ ያለው አንባቢ ሥራውን ከተዉት ብዙ ዓመት እንደሆነ ያስባል። እውነቱ ከጁላይ 2014 እስከ ጁላይ 2023 መጀመሪያ ነው። ውጤቱ ላይም መጋቢት 2015 ማርች 2023 ይሆናል። በአንድ ሲቪ ውስጥ ሁለቱን አቆጣጠር መቀላቀል በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሥራው በአውሮፓ፣ ውጤቱ በእኛ አቆጣጠር ሆኖ ውጤቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የተገኘ የሚመስልበት ሲቪ አለ።

በመጨረሻ የምስክርነት ስም የሚሰጡለትን የቀድሞ ኃላፊ አስቀድመው ያናግሩ። ሁለቱን ጠንካራ መስመሮች በቴሌግራም ይላኩላቸውና «ጋሼ፣ ይህን ጽፌያለሁ፤ እንደሚያስታውሱት ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። «ከ11 ወደ 5 አላስታውስም፣ የሰኞዋ ዝርዝር ግን አዎ፣ እሷ ነበረች ስታስነብበን» ካሉ መስመሩ አልፏል። «እሱ የመጣው አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ሲገባ አይደል?» ካሉ ግሡ ይለወጣል፦ «አወረድኩ» የሚለው ወጥቶ «ባዘጋጀሁት የቀነ ገደብ ዝርዝር ከ11 ወደ 5 ቀን እንዲወርድ አገዝኩ» ይሆናል።